አንድ ሌሊት ብቻ

ሰው ማስታመም የጀመረ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያጣው እንቅልፉን ነው። የጓደኛዬን እናት ስትሮክ መታቸው፤ ከሆስፒታል ወደ ቤት ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ንግግራቸውም ይጎተት ነበር። አእምሯቸው ግን እንደ ጥንቱ ነው፤ የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ይረዳሉ። አልጋቸው ላይ ግን ያለ ሰው እርዳታ ከጎን ወደ ጎን መዞር አይችሉም። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በአንድ ጎኑ ብዙ ከተኛ ተረከዙ፣ ዳሌው፣ ከወገቡ በታች ያለው አጥንት፣ ባጠቃላይ አጥንት ከቆዳ ጋር የሚቀራረብበት ቦታ ሁሉ በጫናው ደም እያጠረው ይቆስላል። የአልጋ ቁስል የሚባለው ይኸው ነው። አንዴ ከጀመረ ለመዳን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ነርሷ ሲሸኟቸው ለጓደኛዬ ያለችው አጭር ነበር፦ በየ2 ሰዓቱ አገላብጣቸው፣ ሌሊትም ቢሆን።

እሱም እንደተባለው አደረገ። ስልኩ በየ2 ሰዓቱ ይጮኻል፤ ይነሳል፣ ያገላብጣል፣ ትራሶቹን ያስተካክላል፣ ውሃ ከፈለጉ ቀና አድርጎ ያጠጣል፣ ተመልሶ ይጋደማል። እንቅልፍ እስኪወስደው ሲጠብቅ ግማሽ ሰዓቱ ያልፋል። ጠዋት ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ቀን ቀን የምትመጣ ዘመድ አለች። ይህን በወራት ላይ ወራት ሲያደርግ ከረመ። በሥራ ቦታው የጻፈውን ደብዳቤ እንደገና መጻፍ ጀመረ። ቁልፉን በር ላይ ሰክቶ ይረሳል። አንድ ቀን እናቱን በቁጣ እንደተናገራቸውና ከዚያ ወጥቶ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እንዳለቀሰ የነገረኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው አልራቀውም። ሁሉም «ምን ልርዳህ?»፣ «የሚያስፈልግህን ብቻ ንገረኝ» ይለው ነበር፣ ከልቡ። እሱም «ደህና ነን፣ ምንም አልጎደለም» ይላል። ኩራት ነው ብዬ አስብ ነበር። እንዲያ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ እሱ ሲያስረዳኝ ነው። «ምን ልርዳህ ሲሉኝ» አለኝ፣ «የትኛው ሥራ ለማን እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደሚመቸው፣ ምን እንደማይከብደው እኔ ማሰብ ነበረብኝ። ያን የሚያስብ ጭንቅላት አልነበረኝም።» እንቅልፍ ያጣ ሰው የታዘዘውን ሊሠራ ይችላል፤ አዲስ ነገር ማቀድ ግን ይከብደዋል። «ንገረኝ» የሚለው ቃል በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ሥራውን መልሶ ለደከመው ሰው ያሸክመዋል።

መጀመሪያ የሞከረው የጓደኞቻችን የጋራ የስልክ ቡድን ላይ መጻፍ ነበር። «ወንድሞች፣ ሰሞኑን ትንሽ ከብዶኛል፤ ጊዜ ያለው ሰው ብቅ ቢልልኝ ደስ ይለኛል።» መልስ ወዲያው ዘነበ። አይዞህ፣ በርታ፣ ከጎንህ ነን። የመጣ ግን አልነበረም። ጓደኞቻችን ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ሙከራ ይህን ያሳያል። ተሳታፊዎቹ በየክፍላቸው ተቀምጠው አንድ ሰው ድንገት ሕመም ሲጥለው በድምፅ ማስተላለፊያ ይሰማሉ። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ካመነው ሰው መካከል 85 በመቶው ሰውዬው ድምፁን ሳያጠፋ ለእርዳታ ተነሳ። ሌሎች 4 ሰዎችም ይሰማሉ ብሎ ያመነው ግን 31 በመቶው ብቻ ነበር የተነሳው። ያልተነሱትም ግድ የለሾች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ሲንቀጠቀጡና ላብ ሲያጠምቃቸው ታይተዋል። ለሁሉም የተነገረ ነገር እያንዳንዱ ላይ ሲደርስ እጅግ ሳስቶ ይደርሳል። ቡድናችን ውስጥም ሁሉም ሌላው የሄደ መስሎት ነበር።

ቀጥሎ ጠቆም ማድረግ ጀመረ። ስንገናኝ «ሌሊቱ ረዝሞብኛል» ይለኛል፤ እኔም አብሬው እተክዛለሁ። ጥያቄ አልነበረምና መልስ አልነበረውም። እሱ ግን ጠይቆ እንደተከለከለ ይቆጥረው ነበር። የጠቆመ ሰው ችግሩ ይኼ ነው፦ በልቡ ጠይቋል፣ ሰሚው ግን መጠየቁን አያውቅም፤ ዝምታውም እንቢታ ሆኖ ይመዘገባል። አንዳንድ ጓደኝነት ማንም ማንንም ሳያስቀይም የሚቀዘቅዘው በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

መላ የመጣው ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ነው። እናቱን ልታንቀሳቅስ መጥታ የእሱን ፊት አየችና ስለ እናቱ ሳይሆን ስለ እሱ ጠየቀችው። ከዚያ ከአንድ ጠዋት እስከ ሌላው ጠዋት የሚሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ በወረቀት እንዲጽፍ ነገረችው። ጻፈው። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ ሁለት ገጽ ሞልቶ ነበር። ደግሞ መጥታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፦ ከዚህ ውስጥ የግድ አንተ ብቻ ልትሠራው የሚገባው የትኛው ነው? ገላቸውን ማጠብ፣ ከሐኪም ጋር መነጋገር፣ የገንዘብ ጉዳይ፣ ማታ ማታ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ማውራት። በእነዚህ ላይ ምልክት አደረገ። ማገላበጡ ላይ ግን እጁ ቆመ። ሲያስበው የሰለጠነ ሁለት እጅ ያለው ሰው ሁሉ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ወራቱን ሙሉ ልጅነቱ ከዚያ ሥራ ጋር ተጣብቆበት ነበር፤ ሌላ ሰው ካገላበጣቸው እሱ እንደተዋቸው ይሰማው ነበር። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ሲያየው ነው ሥራውና ልጅነቱ የተለያዩለት።

የሚያስፈልገውም በዚያው ጠበበ። እርዳታ የሚባል ትልቅ ነገር ሳይሆን፣ ያልተቆራረጠ አንድ ሌሊት።

ለእኔ የላከው መልእክት ያን ቀን የተጻፈ አልነበረም። የመጀመሪያው ረቂቅ፣ በኋላ እንዳሳየኝ፣ ስልኩን ከላይ እስከ ታች የሞላ ነበር። ግማሹ ይቅርታ ነው፤ አውቃለሁ ሥራ እንደሚበዛብህ፣ ማስቸገር አልፈልግም፣ ባልጠይቅህ በወደድኩ። የተቀረው የመከራው ዝርዝር ነው። የሚፈልገው ነገር መጨረሻ ላይ በአንድ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ተደብቋል። ያን የመሰለ መልእክት ቢደርሰኝ በሐዘኔታ ልቤ ይሞላ ነበር፣ ምን እንዳደርግ ግን አላውቅም ነበር። የደረሰኝ ይህ ነው፦

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። መልሱን ዛሬ አልፈልግም፣ እስከ ረቡዕ አስብበት። በሚመጡት 4 ቅዳሜዎች ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እናቴ ዘንድ ሆነህ በየ2 ሰዓቱ እንድታገላብጥልኝ ፈልጌ ነው። እኔ ሌላው ክፍል እተኛለሁ፣ ካስቸገረህ ትቀሰቅሰኛለህ። አሠራሩን ዓርብ ማታ አሳይሃለሁ። አራቱን ካልቻልክ አንዱም ይጠቅመኛል። ጨርሶ ካልተመቸህም ንገረኝ፣ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ።»

ይህን መልእክት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሰዓቱ አለበት፣ ሥራው አለበት፣ መጨረሻው አለበት። ያሳረፈኝ ግን የመጨረሻው ሐረግ ነው። «ሌላ ሰው እጠይቃለሁ» ሲል እኔ የመጨረሻ ተስፋው እንዳልሆንኩ ነገረኝ። ያ ባይኖር ኖሮ እሺ የምለው በፍርሃት ነበር።

ይህን የምለው በስሜት ብቻ አይደለም። ፍራንሲስ ፍሊንና ቫኔሳ ሌክ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የማያውቋቸውን ሰዎች እርዳታ እንዲጠይቁ ተልከው ነበር፤ ለምሳሌ መጠይቅ እንዲሞሉላቸው። ከመሄዳቸው በፊት 5 ሰው እሺ እስኪለን ወደ 20 ሰው መለመን ይኖርብናል ብለው ገመቱ። ሲወጡ ወደ 10 ሰው በቃቸው። ይህ ጥናት ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ «ጠይቁ፣ ሰው ከምታስቡት በላይ ደግ ነው» ለማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ግን ምክንያቱንም ፈልገዋል፤ ጠያቂው የሚያስበው እርዳታው ተጠያቂውን ምን ያህል እንደሚያደክመው ነው፣ ተጠያቂውን የሚያስጨንቀው ግን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነው። እሺታው የበዛው በከፊል እንቢታው ስለሚከብድ ነው ማለት ነው። አንዴ መጠይቅ ለማስሞላት ይህ አያስከፋ ይሆናል። በየሳምንቱ እናትህን የሚያስታምምልህ ሰው ስትፈልግ ግን እንቢ ማለት አቅቶት እሺ ያለ ሰው አያዛልቅም። በሁለተኛው ሳምንት ያመዋል፣ በሦስተኛው ስልኩ አይነሳም። ስለዚህ ለእኔ የጓደኛዬ ትልቁ ብልሃት በሩን ክፍት መተዉ ነው።

እኔም በተከፈተው በር ገባሁ። አራቱን አልችልም፣ የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን እችላለሁ አልኩት። «እሺ፣ ሁለት» ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲያ ስለቀሩት ሁለቱ አንድም ቃል አላነሳብኝም። በኋላ ደግሞ በሥራ ቀን ሆስፒታል ቀጠሮ አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ፤ አልችልም አልኩት። ቅዳሜ ስመጣ ሰላምታው ያው ነበር። ከእሱ ጋር የሚቀጥለውን እሺ ማለት ያቀለለልኝ ያ ቀን ነው።

ዓርብ ማታ አስተማረኝ። ሥራው በጉልበት የሚሠራ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። መጀመሪያ ለእናቱ ትነግራለህ። «እማማ፣ አሁን ወደ ግራ ልናዞርዎት ነው» ትላለህ፣ ሳትነግር እጅህን አታሳርፍም። የቀኝ ጉልበታቸውን ታጥፋለህ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ታደርጋለህ፤ ከዚያ አንድ እጅህን ትከሻቸው፣ ሌላውን ዳሌያቸው ላይ አድርገህ ወደ ራስህ ታዞራቸዋለህ። የሰነፈውን ክንድ መቼም አትጎትትም፤ ስትሮክ የመታው ትከሻ ጡንቻው ስለማይዘው በቀላሉ ይወልቃል። አንሶላው ላይም አትጎትታቸውም፣ መጎተት ቆዳን ከውስጥ ይቀደዋል። ከኋላቸው ትራስ ትደግፋለህ፣ ሙሉ በሙሉ በጎናቸው ሳይሆን ዘመም እንዲሉ። ሌላ ትራስ በጉልበቶቻቸው መካከል፣ ሌላ በሰነፈው ክንድ ሥር፣ አንድ ደግሞ በባታቸው ሥር ይገባል፣ ተረከዛቸው ፍራሹን ሳይነካ እንዲንሳፈፍ። ሲያልቅ «ይመችዎታል?» ትላለህ፤ እሳቸውም በግራ እጃቸው ያሳዩሃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ግን ስለ መቀስቀስ የተስማማነው ነው። ምን ከሆነ እቀሰቅስሃለሁ? ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ካስመለሳቸው፣ ፊታቸው አዲስ ከተጣመመ ወይም ሌላ ጎናቸው ከሰነፈ፣ ጠርቻቸው ካልነቁ፣ ከወደቁ። በወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ እስከ ንጋት ይቆያል። ያ ወረቀት ባይኖር እኔ በየደቂቃው ልጠራው፣ እሱም በየደቂቃው ጆሮውን ሊያቆም ነበር።

ቢሆንም የመጀመሪያውን ሌሊት አልተኛም። እኩለ ሌሊት አልፎ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። «እዚህ ምን ትሠራለህ?» አልኩት። «ስልኩ የጮኸ መሰለኝ።» ስልኩን እኔ ነበርኩ የያዝኩት። ሰውነቱ በየ2 ሰዓቱ መንቃት ለምዶ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። እናቱ በግራ እጃቸው ሂድ የሚል ምልክት ሰጡት፣ ቆጣ ብለው። ሄደ። ለካ እሳቸውም የልጃቸውን ድካም ሲቆጥሩ ኖረዋል። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው በሩን ዘግቶ እስከ ጠዋት የተኛው።

በዚያው ሌሊት ንጋት ላይ ሳገላብጥ የቀኝ ተረከዛቸው ከግራው ይልቅ ሞቅ ብሎ ጠንከር ያለ መሰለኝ። ዓርብ ያሳየኝ ይህንኑ ነበር። ነጣ ባለ ቆዳ ላይ ሊጀምር ያለ ቁስል ቀልቶ ይታያል፣ በጣት ተጭነው ሲለቁትም ቅላቱ አይጠፋም። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቀለሙ ላያስታውቅ ስለሚችል ሁለቱን ጎን በእጅ ማነጻጸር ያስፈልጋል፦ መሞቁን ወይም መቀዝቀዙን፣ መጠንከሩን ወይም መልፈስፈሱን፣ ሲነካ ማመሙን። ማሸት ክልክል ነው፣ የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ይጎዳል። ተረከዙ በግድግዳው ወረቀት ላይ የለም፤ ስለዚህ አልቀሰቀስኩትም። ትራሱን ከፍ አድርጌ ተረከዙን ከፍራሹ አራቅሁት፣ ሰዓቱን ጻፍኩ፣ ሲነጋ አሳየሁት። ነርሷም ስትመጣ በጊዜ ተደርሶበታል አለች፤ ጫናውን ካራቁለት በኋላ ዳነ። እሱ ግን ከተረከዙ ይልቅ የተገረመው በሌላ ነገር ነው፤ እሱ በሌለበት ሰዓት ሌላ ሰው አይቶታል።

ከዚያ በኋላ ሌሎችንም ጠየቀ፣ በዚያው ዓይነት መልእክት፣ እያንዳንዱን ለየብቻ። ያጎቱ ልጅ ሌሊቱን አልችልም ብሎ የሆስፒታሉን ቀጠሮ ወሰደ። አንድ ጓደኛችን ግን እሺ ብሎ በዕለቱ ማታ ቀረ፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ጓደኛዬ በጣም አዘነ፤ ያን ማታ ስልክ ደውሎልኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ ግን ደወለለትና «ሌሊቱ ከብዶህ ከሆነ ሌላ የሚቀልህ ነገር አለ?» አለው። ሰውዬው ቆይቶ የታመመ ሰው አጠገብ መሆን እንደሚያስፈራው፣ አባቱ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ እንደሆነ ነገረው። መድኃኒት መግዛቱን ለእሱ ሰጠው። ወደ በሽተኛዋ ክፍል አይገባም፣ በር ላይ ሰጥቶ ይሄዳል። አንድም ቀን አላጓደለም። ሌላ አንድ ሰው ደግሞ ከጥያቄው በኋላ ጨርሶ ራቀ፤ ስልክም አያነሳም። ይህም አለ። ሲያወራኝ አሁንም ያማል።

እናቱ ቀስ በቀስ ተሻላቸው። በግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት ይዘው ራሳቸውን ማዞር ቻሉ፣ የሌሊቱ ጥሪም እየቀነሰ ሄደ። ሁላችንም አለፈ ብለን ነበር። እሱ የወደቀው ያን ጊዜ ነው። እንቅልፉ ተመልሶለት ሳለ ጠዋት መነሳት አቃተው። የሚወደው ነገር ሁሉ ጣዕም አጣ። ሁለት ሳምንት ሲያልፈው ጠራኝና ቁጭ አልን። አስታሚ የነበረ ሰው ሸክሙ ሲቀልለት እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ሰምቼ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ያልለቀቀ እንዲህ ያለ ስሜት ደግሞ ለባለሙያ የሚነገር እንጂ በጓደኛ ምክር የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ በቀጥታ ጠየቅሁት፦ «ራስህን ስለ መግደል አስበህ ታውቃለህ?» ይህን መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ አይተክልም፤ ባለሙያዎቹ ደጋግመው የሚሉት ነው። «አይደለም» አለኝ፣ «ድካም ነው። ግን ስለጠየቅከኝ ደስ አለኝ።»

ከዚያ የራሱን ጥያቄ አመጣ፣ ተዘጋጅቶበት ነበር። «ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ መያዝ አለብኝ። ስልኩን ብቻዬን ስሆን ደጋግሜ አንስቼ አስቀምጣለሁ። አሁን እዚህ ሆነህ ልደውል። በቀጠሮው ቀንም እስከ በሩ ድረስ ና፤ ውስጥ እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ውጭ ጠብቀኝ።» ደወለ። ቀጠሮው የዋለበት ቀን ለእኔ አይመችም ነበር፤ ነገርኩት። «እሺ» አለና እዚያው ቁጭ ብሎ ለአጎቱ ልጅ ደወለ።